ደም ግፊት ላለበት፦ ከሞርታዴላ ይልቅ ድንችና ፉል

ወጥ ላይ ጨው ቀንሰው ጠዋት ዳቦ በሞርታዴላ የሚበሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ጨዉ በዚያ በኩል ተመልሶ ይገባል። 100 ግራም ሞርታዴላ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ጨው ይዟል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ግን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው።

በምትኩ ቁርስ ላይ ጨው ያልበዛበት ፉል ወይም ቅቅል ድንች ከግማሽ አቮካዶ ጋር ይሞክሩ። ሦስቱም ፖታሲየም አላቸው፤ ፖታሲየም ደግሞ ኩላሊት ከጨው የሚገባውን ትርፍ ሶዲየም በሽንት እንዲያስወጣ ያግዛል፣ የደም ሥርንም ያላላል። ድንቹን ልጠውና ቆራርጠው ከቀቀሉት ግን ከፖታሲየሙ ብዙው ወደ ውሃው ይወጣና አብሮ ይደፋል። ከነልጣጩ ይቀቅሉት፤ ወጥ ከሠሩትም መረቁን አይተዉት።

አንድ ነገር አደራ፦ የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፣ ወይም ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚባሉ የደም ግፊት ክኒኖች የሚወስዱ ከሆነ፣ ፖታሲየም በደም ውስጥ ተከማችቶ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው አመጋገቡን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፣ የኩላሊትና የፖታሲየም የደም ምርመራም ያድርግ። በፖታሲየም የተሠራውን የጨው ምትክም ሳያማክር አይጠቀም። ክኒኑን ደግሞ ማንም በራሱ አያቋርጥ።