ግራም ስቴይን እንዴት ይሠራል? ቀለሙስ ከልክ በላይ ሲለቅ በምን ይታወቃል?

ግራም ስቴይን ባክቴሪያን ወይን ጠጅ ሆኖ በሚቀር ግራም ፖዘቲቭና ሮዝ በሚሆን ግራም ኔጌቲቭ የሚለይ የማቅለም ዘዴ ነው። የሚያስፈልጉት ፈሳሾች አራት ናቸው፦ ወይን ጠጅ የሚያቀልመው ክሪስታል ቫዮሌት፣ አዮዲን፣ ቀለም የሚያስለቅቀው አሴቶን አልኮልና ሮዝ የሚያቀልመው ሳፍራኒን። ክሪስታል ቫዮሌቱ ወይም አዮዲኑ ስላይዱ ላይ ከታሰበው ሠላሳ ሰከንድ ቢያልፍ የሚመጣ ችግር እምብዛም ነው። አሴቶን አልኮሉ ግን በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ውጤቱን ገልብጦት ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሌላውን ሥራ ሁሉ ለዚያች አጭር ጊዜ እንደ ዝግጅት ማየት ይሻላል።

ዝግጅቱ ከስሚሩ፣ ማለትም ስላይድ ላይ በስሱ ከሚሰራጨው ናሙና፣ ይጀምራል። ናሙናው ካልቸር ላይ ያደገ ኮሎኒ ከሆነ ንጹሕ ስላይድ ላይ ትንሽ ጠብታ ኖርማል ሳላይን አድርጉ፤ ኮሎኒውን በሉፕ ጫፍ ነካ አድርጋችሁ ጠብታው ውስጥ በስሱ አሰራጩት። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ብዙ ይዝቃል። ስሚሩ ሲደርቅ ስላይዱን የታተመ ጽሑፍ ላይ አስቀምጡት፤ ፊደሉ በስሚሩ ውስጥ አልፎ የማይነበብ ከሆነ ወፍራም ነውና ሌላ ሥሩ።

ስሚሩ በአየር ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እርጥብ እያለ እሳት ካሳያችሁት ሴሎቹ ቅርጻቸው ይበላሻል። ከደረቀ በኋላ ስሚር ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ በነበልባሉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ አሳልፉት፤ የስላይዱን ጀርባ በእጃችሁ ጀርባ ስትነኩት መሞቅ እንጂ ማቃጠል የለበትም። ከመጠን በላይ የሞቀ ሴል ግድግዳው ይጎዳል፤ ያኔ ቀለም የመያዝ አቅሙ ገና ማቅለም ሳይጀመር ተዳክሟል ማለት ነው። ከሰውነት ለተወሰደ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ለጀርባ ፈሳሽ፣ በሜታኖል ለሁለት ደቂቃ ማጣበቅ ይመረጣል፤ ነጭ የደም ሴሎቹንም ደህና አድርጎ ያቆያል።

ስላይዱ ሲቀዘቅዝ ስሚሩን በክሪስታል ቫዮሌት ሸፍኑትና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በቀስታ በሚወርድ ውኃ አጠር አድርጋችሁ እጠቡት። ስላይዱን ዘንበል አድርጉ፤ ውኃው ከስሚሩ በላይ አርፎ ወደ ታች ይፍሰስ እንጂ ስሚሩን በቀጥታ አይምታው። በዚህ ሰዓት ቀለሙ ሴሉ ውስጥ ገብቷል እንጂ ገና አልታሰረም። የሚያስረው አዮዲኑ ነው፤ ከክሪስታል ቫዮሌቱ ጋር ተዋሕዶ በቀላሉ የማይወጣ ትልቅ ውሁድ ይፈጥራል። አዮዲን ከመጨመሩ በፊት ስላይዱን ቧንቧ ሥር ረዘም ላለ ጊዜ የሚያቆይ ሰው አልኮል ሳይነካ ቀለሙን እያስለቀቀ ነው። ያረጀና ጉልበቱን የጨረሰ አዮዲንም ጥፋቱ ተመሳሳይ ነው።

አዮዲኑንም አንድ ደቂቃ አቆዩት፣ እጠቡት፣ የተረፈውን ውኃ አንጠፍጥፉ። ውኃ ከቀረ የሚቀጥለውን ፈሳሽ ያቀጥነዋል፤ ሰዓቱንም መገመት ያስቸግራል።

አሁን ዋናው ጋ ደርሰናል። ስላይዱን ከነጭ ነገር ፊት ዘንበል አድርጋችሁ ያዙና አሴቶን አልኮሉን ከላይኛው ጫፍ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ዓይናችሁ ስሚሩ ላይ ሳይሆን ከታችኛው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ወይን ጠጅ ሆኖ ይወርዳል፣ ከዚያ ይገረጣል። ጥርት ብሎ መውረድ በጀመረበት ቅጽበት ወዲያው ውኃ! ለስስ ስሚር ይህ የጥቂት ሰከንድ ጉዳይ ነው። አሴቶን የሌለበት 95 በመቶ ኤታኖል ግን ቀስ ስለሚል ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። በኤታኖል የለመደ እጅ አሴቶን የተቀላቀለበት ጠርሙስ ሲሰጠው በድሮው ቆጠራ ከቀጠለ ስላይዱን ያበላሸዋል።

ይህን ያህል ጥድፊያ ያስፈለገው ለምንድን ነው? አልኮሉ የግራም ኔጌቲቩን ውጫዊ የስብ ሽፋን ያሟሟዋል፤ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ቀለሙ ቶሎ ይወጣል። የግራም ፖዘቲቩ ወፍራም ግድግዳ በአንጻሩ ውኃውን አጥቶ ይጠብቅና ቀለሙን ውስጡ ያስቀረዋል። ቢሆንም ለዘለዓለም አይደለም፤ አልኮሉ በቆየ ቁጥር እሱም ይለቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የፍጥነት ልዩነት ነው፤ ሥራችንም አንዱ ለቆ ሌላው ገና ባልለቀቀበት ሰዓት ማቆም ነው። ወፍራም ስሚር የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። መሃሉ ቀለም ማውረዱን ሳያቆም ስሱ ዳር ከልክ በላይ ይለቃል፤ አንዱ ስላይድ ሁለቱንም ስሕተት ተሸክሞ ይገኛል።

ቀሪው ቀላል ነው። ሳፍራኒን ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ፣ እጥበት፣ ከዚያ በአየር ማድረቅ ወይም ሳያሹ ውኃውን በወረቀት መምጠጥ። ሳፍራኒኑን ረስታችሁ ብዙ ካቆያችሁት ወይን ጠጁን ሊገፋው ስለሚችል ሰዓት ያዙ።

ማይክሮስኮፕ ላይ መጀመሪያ በ10 ኦብጀክቲቭ አጠቃላይ ሁኔታውን ተመልከቱ፤ ከዚያ ዘይት ጨምራችሁ በ100ው አንብቡ። ስሚሩ ላይ ነጭ የደም ሴል ካለ ኒውክለሱን እዩ። ወይን ጠጅ ከሆነ ቀለሙ በበቂ አልለቀቀም፤ ሮዝ መሆን ነበረበት። ከልክ በላይ ሲለቅ ግን ይህ ምልክት አይረዳም፤ ኒውክለሱ ያኔም ሮዝ ነው፣ ስላይዱም ንጹሕና የሚያምር ሆኖ ይታያል። ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

አንድ የጀርባ ፈሳሽ እንውሰድ። ዝቃጩ ቀልሞ ሲነበብ ኒውትሮፊል የተባሉ ብዙ ነጭ የደም ሴሎች፣ በመካከላቸውም ሁለት ሁለት ሆነው የተጣመሩ ሮዝ ኮካይ፣ ማለትም ክብ ባክቴሪያዎች፣ ታዩ። በችኮላ ግራም ኔጌቲቭ ዲፕሎኮካይ ተብሎ ቢጻፍ ሐኪሙ የሚያስበው የማጅራት ገትር ባክቴሪያ የሆነውን ማኒንጎኮከስን ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ቅርጹን አስተውሉ። የማኒንጎኮከስ ጥንዶች ኩላሊት ይመስላሉ፣ ጠፍጣፋ ጎናቸውም ፊት ለፊት ይተያያል። ግራም ፖዘቲቭ የሆነው ኒሞኮከስ ግን ሞላላና ጫፉ ሾል ያለ ነው፤ ጥንዶቹ በቁመታቸው ተከታትለው ይቆማሉ። ያያችኋቸው እንዲህ ቁመታቸውን ተከትለው የተደረደሩ ከሆኑና አልፎ አልፎም ከጥንዱ አንዱ ሮዝ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ከሆነ፣ ቀለም የለቀቀ ኒሞኮከስ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሁለተኛ ስሚር ነው። ስላይዱ አንድ ጫፍ ላይ ስስ የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ ከጎኑ የኢ ኮላይ ስሚር ለማመሳከሪያ ኮንትሮል አድርጉና ከናሙናው ጋር አብራችሁ አቅልሙ። ስታፉ ወይን ጠጅ፣ ኢ ኮላዩ ሮዝ መውጣት አለባቸው። ስታፉም ሮዝ ከወጣ ጥፋቱ የእጃችሁ ወይም የማቅለሚያ ፈሳሾቹ ነው። ኮንትሮሉ ደህና ሆኖ የናሙናው ኮካይ አሁንም ከተደበላለቀ ሌላ ምክንያት ፈልጉ፤ ታካሚው አንቲባዮቲክ ጀምሮ ይሆናል። ከካልቸር በተወሰደ ስሚር ላይ ደግሞ ኮሎኒው 24 ሰዓት ያላለፈው መሆኑን አረጋግጡ፤ ያረጁ ግራም ፖዘቲቮች ቀለም መያዝ ያቅታቸዋል። ጥርጣሬው ካልጠራ ቅርጹንና አደራደሩን እንዳያችሁት ጽፋችሁ ለሐኪሙ በቃል ጭምር ንገሩና ካልቸሩን ጠብቁ።

ናሙናው አልቆ ሁለተኛ ስሚር መሥራት ካልተቻለ፣ የመጀመሪያውን ስላይድ ዘይት በዛይሊን አስለቅቁ፣ ያለውን ቀለም በአልኮል ሙሉ በሙሉ አውጡና ከክሪስታል ቫዮሌቱ እንደገና ጀምሩ። በሙቀት ወይም በመድኃኒት ግድግዳው የተጎዳ ሴል ግን በዚህም አይመለስም።