ለተኛ ተማሪ የሚሆን ጨዋታ፦ «ምን ጎደለ?»

በሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ለምታስተምሩ፣ ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛውን የማይቀሰቅስ ጨዋታ ልንገራችሁ። ትሪ ላይ አምስት ዕቃ ደርድሩ፦ ማንኪያ፣ ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ ኩባያ፣ ማስመሪያ። ልጁ የእያንዳንዱን ስም በሹክሹክታ ይጥራ፤ ስሙን ከጠራው በደንብ ይይዘዋል። ከዚያ በራሱ ፎጣ ሸፍኑና ሳያይ አንዱን ደብቁ፤ ፎጣውን ገልጣችሁ «ምን ጎደለ?» በሉት።

እጁ ላይ ግሉኮስ የተተከለለት ልጅ ምንም መንካት የለበትም። መናገር የከበደው ደግሞ እናንተ ስም ስትጠሩ ትክክለኛው ላይ ዓይኑን ይጨፍን።

ዕቃው ሁሉ የሚታጠብ ይሁን። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በሳሙና እጠቡት፣ ወይም ነርሷ በምትሰጣችሁ ማጽጃ ወልውሉት። የጨርቅ አሻንጉሊት ግን አታዙሩ። ለይቶ ማቆያ ላለ ልጅ የገባ ዕቃ እዚያው ይቅር። በጣም ትንንሽ ሕፃናት ባሉበት ክፍል እንደ ቁልፍ ያለ አፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር አትጠቀሙ።

ትናንት ሰባት ዕቃ የያዘ ልጅ ዛሬ ትኩሳት ወይም መድኃኒት አድክሞት ሦስቱም ሊጠፋበት ይችላል። ምንም ሳትሉ ቁጥሩን ቀንሱለት። ዝም ብሎ መገመት ከጀመረ ደክሞታልና ትሪውን አንሱ።

ዓይኑን መግለጥ ካልፈለገ በዝግታ «እንቆቅልህ» በሉት። መልሱ ሲጠፋው አገር ይስጣችሁ፤ ጎንደርን ከሰጠ፣ የጂኦግራፊ ትምህርቱን ከዚያው መቀጠል ትችላላችሁ።