ፀጉርህ ከፊት እየሸሸ ነው? ሚኖክሲዲል እንዴት እንደሚቀባ

የታክሲ ረዳት «መላጣው፣ ጠጋ በል» ያለህ ቀን ቀጥታ ቴሌግራም ትገባለህ። እዚያ ደግሞ በ15 ቀን ፀጉር አበቅላለሁ የሚል ዘይት ሞልቷል። እሱን እለፈው። ከሚቀቡት ነገሮች ውስጥ መሥራቱ የተረጋገጠው ሚኖክሲዲል ነው። መነሻው የደም ግፊት ክኒን ነው፤ የወሰዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታየና እ.ኤ.አ. በ1988 የሚቀባው ዓይነት አሜሪካ ውስጥ ለወንዶች ተፈቀደ።

መጀመሪያ ችግሩን ለይ። ከግንባር ጥግና ከአናት ቀስ እያለ የሚሳሳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የዘር ነው። በድንገት ክብ ክብ እየሆነ ከተላጠ፣ ወይም ቅርፊትና ማሳከክ ካለው ግን ላሽ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ። የልብ ሕመም ያለበትም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

ከፋርማሲ 5 በመቶውን ግዛ። 60 ሚሊ ሊትር ለአንድ ወር ነው። ወጪውን የዓመት አድርገህ አስላው፣ ምክንያቱም ካቆምክ ያበቀልከው በጥቂት ወራት ውስጥ ይረግፋል።

ጠዋትና ማታ 1 ሚሊ ሊትር፣ በደረቅ ራስ ላይ። ፀጉሩን ከፍለህ ጠብታውን ቆዳው ላይ አድርግ። ፀጉር ላይ የቀረው ብክነት ነው፣ እኔ ስፕሬዩን የማልወደውም ለዚህ ነው። በጣትህ አዳርሰህ እጅህን ታጠብ። የማታውን ከመተኛትህ 2 ሰዓት ያህል ቀደም አድርገው፤ ካልደረቀ ከትራስ ወደ ፊት ይዞርና ያልፈለግክበት ቦታ ፀጉር ያበቅላል። አንዱን ብትረሳ በሚቀጥለው ደርበህ አትቀባ። ቤት ውስጥ ድመት ካለች እንዳትልሰው ተጠንቀቅ፣ ይገድላታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸነፍበት ቦታ ላይ ደረስን። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ፀጉርህ ከበፊቱ ብሶ ሊረግፍ ይችላል። አንድ ጓደኛዬ በስድስተኛው ሳምንት ሻወር ማፍሰሻው ላይ የተጠቀለለውን ፀጉር አይቶ «ይሄ ነገር ጨረሰኝ» ብሎ ጠርሙሱን ጣለና ወደ ዘይቱ ተመለሰ። የረገፈው ግን ዕድገቱን ጨርሶ ለመውደቅ ተራ ሲጠብቅ የነበረው ፀጉር ነው፤ መድኃኒቱ ሥሩን ቶሎ ወደ አዲስ ዕድገት ስለሚያስገባው አሮጌው ተገፍቶ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወር አካባቢ ይበርዳል። ከዚያ በኋላም ካላቆመ ሐኪም ይየው። ቆዳህ ከቀላና ካቃጠለህ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፦ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል አልተስማማህም ማለት ሊሆን ስለሚችል አቁመህ ፋርማሲስቱን ስለ አረፋው ዓይነት ጠይቅ፤ አረፋው ውስጥ ይሄ ነገር የለም። ልብህ ቶሎ ቶሎ ከመታ ወይም ካዞረህ ወዲያው አቁም።

በየወሩ እዚያው መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሳ፤ መስታወት ይሸውዳል። ለውጡን ከአራተኛው ወር በፊት አትጠብቅ። አናት ላይ የተሻለ ይሠራል፣ የግንባር ጥግ ላይ ደካማ ነው፣ ለስልሶ ያበራ ቆዳ ላይ ደግሞ ምንም ተስፋ አታድርግ። ዓመት ሞልቶ ፎቶዎቹ ያው ከሆኑ መግዛቱን ትተህ ፀጉር ቤት ግባና በዜሮ አስላጨው።