ለቻይና ኮንትራክተር በቻይንኛ ስታመለክቱ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ በቻይና ኮንትራክተር ቢሮ አስተርጓሚ ስለሆንኩ፣ አዲስ ተመራቂ ኢንጂነር በቻይንኛ የጻፈው ማመልከቻ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝን ላስቀድም፤ ገጹን በፀባይ መሙላት። «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ ከሰው ጋር እግባባለሁ።» አቦ፣ አልታዘዝም ሰነፍ ነኝ ብሎ የሚያመለክት አለ እንዴ? ማናጀሩ ደብዳቤውን የሚያየው ከሳይት ደክሞ ሲመለስ ነው። የሚፈልገው ምን እንደሠራችሁ፣ በምን መሣሪያ እንደሠራችሁ፣ ካምፕ ገብታችሁ መቼ እንደምትጀምሩ ነው።

ባለፈው አንድ ልጅ «በኢንተርንሺፕ የመንገድ ሥራ ላይ ተሳትፌአለሁ» ብሎ አለፈው። ጠርቼ ሳወጣጣው፣ ለካ ከሰርቬየሩ ጋር በየ20 ሜትሩ የሰብ ቤዙን ከፍታ በሌቭል ሲለካና ሲመዘግብ ነው የከረመው። ፊልድ ዴንሲቲ ሲሠራም የሳንድ ኮኑን አሸዋ የሚመዝነው እሱ ነበር። ማመልከቻው ይሄ እኮ ነው! «በየ20 ሜትሩ ከፍታውን ለክቼ ከዲዛይኑ ጋር አመሳክሬአለሁ» ሲል ጻፍንለት፤ ይህን ያነበበ ማናጀር ልጁን ሰርቬይ ጋ ይመድበው ወይስ ላብራቶሪ፣ ወዲያው ይታየዋል። መደቡንም ለይታችሁ ጻፉ። «የተገኘውን ሁሉ እሠራለሁ» የሚል ደብዳቤ ለማን እንደሚመራ አይታወቅም።

የሌላውን ሥራ ማመስገንም አለ። ከድሬ የሚጻፍ ደብዳቤ ባቡሩን ሳያነሳ አያልፍም። መስመሩን ግን ሁለት ድርጅቶች ናቸው የሠሩት፤ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ቻይና ሬልዌይ ግሩፕ፣ ከሚኤሶ በድሬዳዋ አድርጎ እስከ ደወሌ ሲሲኢሲሲ። ለሌላ ድርጅት «የሠራችሁት ባቡር አነሳስቶኝ» ብላችሁ ስትልኩ ደብዳቤው ለሁሉም የተበተነ መሆኑ ያስታውቃል።

ቋንቋውን አታጋንኑ። ኤችኤስኬ ሦስተኛ ደረጃ በቀድሞው አከፋፈል 600 ቃል ነው። ሊቅ የጻፈላችሁን ደብዳቤ ልካችሁ ስልክ ሲደወል «ሰላም ነው?» ላይ መንተባተብ ጥሩ አይደለም። ደረጃችሁን ጻፉ፣ ሰው እንዳረመላችሁም ግለጹ።

አንባቢውን 你 አትበሉ፤ አንቱታው 您 ነው።

መዝጊያው የራሱ አቀማመጥ አለው። 此致 ሁለት ፊደል ገባ ይላል፣ 敬礼 በሚቀጥለው መስመር ከግራ ጠርዝ ይጀምራል፣ ስምና ቀን በቀኝ በኩል ይሆናሉ።

```
    此致
敬礼！
                申请人：(ስም)
                2025年3月10日
```

ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዓመት ጀምሩ። መጋቢት 1 ቀን 2017ን እንዳለ ከገለበጣችሁት፣ ማመልከቻው ዓመታት የከረመ ይመስላል። የቻይንኛ ስም ካወጣችሁም ከጎኑ በዲግሪያችሁ ላይ ያለውን ስም በእንግሊዝኛ አጻጻፉ አስቀምጡ፤ ያለዚያ ሰው ኃይል ክፍሉ ደብዳቤውን ከዲግሪው ጋር ማገናኘት ይቸገራል።