«መረጃ ላኩልኝ» ብሎ የጠፋ ደንበኛ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ደወላችሁ፣ ራሳችሁን አስተዋወቃችሁ፣ ስለ ዕቃው ትንሽ ተናገራችሁ። ደንበኛው «ጥሩ ነው፣ ተጨማሪ መረጃ በቴሌግራም ላኩልኝ» አለ። ደስ ብሏችሁ ያንን ረጅም የድርጅት ፕሮፋይል ላካችሁ። ሁለቱ ምልክቶች ታዩ፣ ተከፍቷል ማለት ነው። ከዚያ ዝም። በሳምንቱ ስትደውሉ «አልተመቸኝም፣ አይቼ እደውላለሁ» ይባላል፣ እሱም ቀረ።

ብዙ ሻጭ እዚህ ላይ ጥፋቱን ፋይሉ ውስጥ ይፈልጋል። ዲዛይኑን ያስቀይራል፣ ፎቶ ይጨምራል። እኔ እስካየሁት ድረስ ጥፋቱ ከፋይሉ በፊት ነው ያለው፤ ስልኩ ሳይዘጋ መጠየቅ የነበረበት ነገር ሳይጠየቅ ቀርቷል። ያው አንድ መልስ ከተለያየ ምክንያት ስለሚመጣ፣ ምክንያቱን ሳትለዩ የምትልኩት ነገር ለማንም አይሆንም። ምሳሌዬን የማውቀው ሥራ ላይ አደርገዋለሁ፤ ለክሊኒኮች መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ኢንቨርተርና የሊቲየም ባትሪ መሸጥ ነው።

ምልክት፦ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትናገሩ «ላኩልኝ» ይላል

ምንም አልጠየቀም፣ ዋጋም አላነሳም፣ ድምፁ የሚቸኩል ሰው ድምፅ ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሉኝታ ነው። «አልፈልግም» ማለት ከብዶታል፣ ወይም ስብሰባ ላይ ነው። ሁለቱ ደግሞ ይለያያሉ፤ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነገ ደንበኛ ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው እምቢ ለማለት ቀላል በር መክፈት ነው። «እልካለሁ። ግን እውነቱን ይንገሩኝ፣ አሁን የመብራት ነገር የሚያሳስባችሁ ጉዳይ ካልሆነ ምንም ችግር የለውም፣ አላስቸግርዎትም። ሰዓቱ ካልተመቸዎት ደግሞ ሌላ ጊዜ ልደውል።» እንዲህ ሲባል የማይፈልገው ሰው በእፎይታ «አይ፣ አሁን አያስፈልገንም» ይላል። እናንተም ሦስት ሳምንት ከመጠበቅ ትድናላችሁ። የቸኮለው ደግሞ «ከሰዓት ደውልልኝ» ይላል። ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ደንበኛውን ራሴ የማባርረው ይመስለዋል። የሚሄደው ግን መጀመሪያም ያልነበረው ነው።

ምልክት፦ ጠይቋል፣ አዳምጧል፣ መጨረሻ ላይ «ዝርዝሩን ላኩልኝ» ይላል

ብዙ ሽያጭ የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አንድ ያልገባው ነገር አለ፣ ወይ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ለሁለቱም ፕሮፋይል አይጠቅምም። የመጀመሪያው ሰው የሚፈልገው መልስ የተጻፈው መሃል ላይ፣ ከድርጅቱ ታሪክና ከራዕይ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሰው ፋይሉን ለአለቃው ቢያሳይ እንኳን አለቃው «ይሄ ምንድነው?» ሲለው የሚመልሰው የለውም።

አንዲት የማውቃት ሻጭ ይሄን ስልክ እንዴት እንደያዘችው ላሳያችሁ። ያነጋገረቻቸው የአንድ መካከለኛ ክሊኒክ ሲስተር ናቸው።

ሲስተር «እህቴ፣ ዝርዝሩን በቴሌግራም ላኪልኝ» አሏት።

«እሺ ሲስተር፣ ዛሬውኑ እልካለሁ። የማይሆን ነገር ልኬ እንዳላሰለችዎት ግን አንድ ልጠይቅዎት። መብራት ሲሄድ ቀድሞ የሚያስጨንቃችሁ የቱ ነው፣ ላብራቶሪው ነው፣ ፍሪጁ ነው ወይስ ካርድ ክፍሉ?»

«ላብራቶሪው ነው እንጂ! ማሽኑ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፣ ናሙናው ይበላሻል፣ በሽተኛውን እንደገና መውጋት ነው።»

«ስንት ሰዓት ያህል ይጠፋል?»

«አንዳንዴ ሦስት፣ አራት ሰዓት።»

«ለመግዛት የሚወስኑት እርስዎ ነዎት ወይስ ከዶክተር ጋር ትነጋገራላችሁ?»

«ዶክተር ናቸው የሚወስኑት። ሐሙስ ስብሰባ አለን፣ አሳያቸዋለሁ።»

እስካሁን ያገኘችውን ተመልከቱ፦ የሚያመው ቦታ፣ የሰዓቱ ርዝመት፣ ወሳኙ ሰው፣ ቀኑ። ቀጥላ ግን ብዙዎች የማያደርጉትን አደረገች። ሲስተርን ትንሽ ሥራ ሰጠቻቸው። «እንግዲያው ሲስተር፣ የላብራቶሪው ማሽኖችና የፍሪጁ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ ለእናንተ የሚበቃውን አስልቼ አንድ ገጽ አድርጌ እልካለሁ። ረቡዕ 9 ሰዓት ላይ ለአምስት ደቂቃ ልደውልና ዶክተር ሊጠይቁ የሚችሉትን አብረን እንይ።»

ይሄ ትንሽ ሥራ ፍላጎቱን ይመዝንላችኋል። ፎቶው ከመጣ ሰውየው ጉዳዩ ውስጥ ገብቷል። በሁለት ቀን ውስጥ ካልመጣ አንዴ አስታውሱ፤ ከዚያም ካልመጣ ቀደም ብዬ ወዳነሳሁት የይሉኝታ ምልክት ተመለሱ። ቀጠሮውም የሚያዝበት ምክንያት አለው። «በሳምንቱ ልደውል?» ብትሉ ማንም «ደውል» ይላል፣ ማንም አያነሳም። ረቡዕ ግን ሐሙስ ስብሰባ ስላለ ለሲስተር ራሳቸው ይጠቅማቸዋል።

ፎቶዎቹ መጡ። ስሌቱ ቀላል ነው። የደም መመርመሪያው 300 ዋት፣ ፍሪጁ 150፣ ሴንትሪፉጅና ማይክሮስኮፕ 150፣ ሁለት ኮምፒውተር 200፣ አምፖሎች 100። ሁሉም ሲደመር 900 ዋት፣ ለአራት ሰዓት 3.6 ኪሎዋት ሰዓት። 5.1 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ፣ 80 በመቶውን ብቻ ብንጠቀምና ኢንቨርተሩ የሚበላውን 10 በመቶ ያህል ብንቀንስ፣ 3.7 ገደማ ይሰጣል። ይበቃል፣ ግን ልክ በልኩ ነው። ይሄን ደብቃ «እስከ አምስት ሰዓት» ብላ ብትጽፍ ክሊኒኩ በመጀመሪያው ረጅም መጥፋት ይይዛታል። ኢንቨርተሩን ደግሞ 3 ኪሎዋት ያደረገችው ፍሪጅና ሴንትሪፉጅ ሲነሱ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስቡ ነው።

የላከችው መልእክት እንዲህ ይላል፦

«ሲስተር፣ እንደተነጋገርነው። መብራት ሲሄድ ላብራቶሪው፣ ፍሪጁና ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሳይቋረጡ አራት ሰዓት ይሠራሉ። ኤክስሬይና የውሃ ማሞቂያ አይጨምርም፣ ለእነሱ ጄኔሬተሩ ይቆያል። ገጠማው አንድ ቀን ይፈጃል፣ ላብራቶሪው የሚዘጋው ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። ዋጋው ከነቫቱ በገጹ ታች አለ። ረቡዕ 9 ሰዓት እደውላለሁ።»

ሲስተር ይሄን ምንም ሳይጨምሩ ለዶክተር ማስተላለፍ ይችላሉ። መለኪያው እሱ ነው። የምትልኩት ነገር እናንተ በሌላችሁበት ክፍል ውስጥ፣ እናንተን የማያውቅ ሰው ሲያነበው መግባት አለበት። የማይሠራውንም መጻፍ ግድ ነው፤ ዶክተሩ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ኤክስሬዩንስ ይችላል?» ነውና። ዋጋውንም አትደብቁ። ዋጋ የሌለው መረጃ ሌላ «ላኩልኝ» ይወልዳል።

ጥያቄው በጽሑፍ ከመጣ ደግሞ፣ ፋይሉን አታስቀድሙ። «እሺ፣ እልካለሁ። ለላብራቶሪው ብቻ ነው የምታስቡት ወይስ ለመላው ክሊኒክ?» ብላችሁ ሁለት ምርጫ ብቻ ስጡ። በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ይመለሳል። አምስት ጥያቄ የደረደረ መልእክት ግን ተነቦ ይታለፋል።

ምልክት፦ ማህተም፣ ቲን ነምበር፣ የፀና ቀን ይጠይቃል

ይሄ ሰው የጠየቃችሁ መረጃ ሳይሆን ፕሮፎርማ ነው። ግዢ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ማሰባሰብ አለበት። ጥያቄው እናንተ የምትፈለጉት ለመግዛት ነው ወይስ ሦስተኛዋን ወረቀት ለመሙላት? መለያው ስፔስፊኬሽኑ ነው። የተሰጣችሁ ዝርዝር የአንድ የሌላ ድርጅት ዕቃን ቁጥር በቁጥር የሚመስል ከሆነና አንድም ጥያቄ መጠየቅ ካልተፈቀደላችሁ፣ ምርጫው ያለቀ ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው ከመላካችሁ በፊት አንድ ቴክኒካል ጥያቄ ለተጠቃሚው ክፍል ማቅረብ ነው። «ባትሪው አራት ሰዓት ይሠራል የሚለው በስንት ዋት ጭነት ነው?» በሉ። ዝርዝሩ ላይ ዋቱ ካልተጻፈ ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ሊነጻጸሩ አይችሉም፤ አነስተኛ ባትሪ ያቀረበው በርካሽነቱ ያሸንፋል። ይሄን ስታሳዩዋቸው አንዳንዱ ግዢ ክፍል ዝርዝሩን አስተካክሎ እንደገና ይጠይቃል፣ እዚያ ላይ እናንተ ቀድማችኋል። ጥያቄውን ካልተቀበሏችሁ ፕሮፎርማውን በአሥር ደቂቃ አዘጋጅታችሁ ስጡና ወደ ሌላ ሥራ ሂዱ። «ሌሎቹን ሁለት ፕሮፎርማም አንተው አምጣልን» የሚል ከመጣ ግን አይሆንም በሉ። ያ ማጭበርበር ነው።

ፕሮፎርማው የሚፀናበት ቀን ላይ እውነተኛውን ጻፉ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ዋጋው በገበያ ስለሚወሰን፣ ከውጭ የሚመጣ ባትሪ ዋጋ ለረጅም ጊዜ መያዝ ይከብዳል። «ይሄ ዋጋ ለ10 ቀን ይፀናል፣ ምክንያቱም አሁን መጋዘን ባለው ዕቃ የተሠራ ነው» ካላችሁ፣ ደንበኛው እንዲወስን ሐቀኛ ምክንያት ሰጣችሁት። ቀኑ ካለፈ በኋላ በአሮጌው ዋጋ ብትሸጡ ግን የሚቀጥለውን ቀን ማንም አያምናችሁም።

ምልክት፦ ሁሉንም በትክክል ላካችሁ፣ አሁንም ዝም

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እናንተን አይመለከትም። ስብሰባው ተሰርዟል፣ ዶክተሩ መስክ ወጥተዋል፣ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ሄዷል።

«አይታችሁት ይሆን?» ብላችሁ አትጻፉ። ያላየ ሰው ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ አይመልስም። በምትኩ አዲስ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ ለምሳሌ «ሲስተር፣ ኤክስሬዩ ቢጨመር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አስልቼ ነበር፣ ዶክተር ከጠየቁ በእጅዎ ይኑር» በሉ። ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ደውሉ። ከዚያ በኋላም ዝም ካለ ፋይሉን ራሳችሁ ዝጉት፦ «ሲስተር፣ አሁን ጊዜው ያልሆነ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ከዚህ በኋላ አላስቸግርዎትም። ስሌቱ እኔ ጋ ይቀመጣል፣ በፈለጉ ጊዜ ዋጋውን አድሼ እልካለሁ።» ብዙ የጠፋ ሰው የሚመልሰው ለዚህ መልእክት ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «ኧረ አልተውነውም፣ በጀት እየጠበቅን ነው» ይሆናል።

በጀት ከተባለ ቀኑን ጠይቁ። የመንግሥት ጤና ተቋም ከሆነ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋና ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል፣ ስለዚህ በሰኔ አጋማሽ የመጣ «ላኩልኝ» የተረፈ ገንዘብ ያለው የሚቸኩል ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የአንድ ገጹን መረጃና ፕሮፎርማውን በዚያው ቀን አብራችሁ ስጡት። በነሐሴ የመጣው ግን ገና ዕቅዱ እየተደለደለ ስለሆነ ዋጋ ከማሳደድ ይልቅ ዝርዝሩን አብራችሁት ብትጽፉ ይሻላል። የግል ክሊኒክ ከሆነ ባለቤቱን በቀጥታ «ከመቼ በፊት ማሰብ አትችሉም?» ብላችሁ ወሩን ያዙና፣ ከዚያ ወር ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ደውሉ።