ኦቨርድራፍት እንዴት ይቆጥራል? 1,000 ብር ቀረኝ ያልኩበት ወር

ጎንደር ውስጥ የሀገር ልብስ እሸጣለሁ። የኛ ገበያ የሚሞቀው ለጥምቀት ነው፣ ዕቃው ግን ቀድሞ መገዛት አለበት። ለዚህ ነው ኦቨርድራፍት የያዝኩት። ባንኩ በተንቀሳቃሽ ሂሳብህ ላይ ጣሪያ ይወስንልሃል፣ ገንዘብህ ሲያልቅ እስከዚያ ድረስ ከዜሮ በታች ታወጣለህ። ወለድ የምትከፍለው በተጠቀምክበት ልክ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ውሉን አንብብ። ጣሪያውን፣ የወለዱን መጠን፣ ከጣሪያ ሲታለፍ የሚጨመረውንና የሚያበቃበትን ቀን ወረቀት ላይ ጻፍ።

ቀጥሎ የቀን ወለዱን አስላ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕዳህን በዓመቱ ወለድ አባዝተህ ለ365 ታካፍላለህ። 200,000 ብር በ18.25 በመቶ ቢሆን በቀን 100 ብር ነው። በ30 ቀን 3,000 ይሆናል። ወሩ ሲያልቅ ባንኩ ይህን ከዚያው ሂሳብ ይቆርጣል፣ ዕዳህም 203,000 ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ወለድ የሚታሰበው በ203,000 ላይ ነው። ወለድ ወለደ ማለት ይሄ ነው።

ይህ ጭማሪ ለብቻው ያን ያህል አያስደነግጥም። የሚጎዳው ጣሪያው ላይ ተጠግተህ ስትቆም ነው። የኔ ጣሪያ 200,000 ነበር። ኅዳር 23 ቀን ለነጠላና ለቀሚስ 199,000 አወጣሁ። የስልክ መተግበሪያው 1,000 ብር ቀርቷል ይለኛል፣ እኔም አመንኩት። ግን ያልተቆረጠ ወለድ እዚያ አይታይም። ባንክ ደግሞ ወር የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ታኅሣሥ 22 ዲሴምበር አለቀና 2,985 ብር ወለድ ተቆረጠ። ዕዳው 201,985 ሆነ። ምንም ሳልገዛ ጣሪያውን 1,985 ብር አለፍኩ፤ ጥምቀት ገና ነው።

ከጣሪያው ባለፈው ገንዘብ ላይ ተጨማሪ ወለድ መጣ። ለሸማኔው የሰጠሁት የ1,000 ብር ቼክም ስንቅ የለውም ተብሎ ተመለሰ፣ ለመመለሻው ደግሞ ባንኩ አስከፈለኝ። ሸማኔው ከዚያ ወዲያ በዱቤ አልሰጥም አለ። ለወር በነጻ የሚያቆይልኝን ዕቃ በጥሬ ገንዘብ፣ ማለትም በወለድ ብድር፣ ልገዛ ነው። ከቅጣቱ ሁሉ ይሄ በለጠብኝ። እያወቁ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ደግሞ ወንጀል ነው፣ ቀልድ አይደለም።

አሁን መተግበሪያውን ትቼ በደብተር እይዛለሁ። በየማታው ዕዳውንና የቀኑን ወለድ እጽፋለሁ፣ ከጣሪያው በታች ቢያንስ የሁለት ወር ወለድ ሳልነካ እተዋለሁ። ሽያጩንም መሳቢያ ውስጥ አላሳድርም። 40,000 ብር ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ በቀን 20፣ በጠቅላላ 140 ብር ያስከፍለኛል። በየቀኑ ባንክ ሲገባ ግን ዕዳው ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቀንሳል።

ውሉ ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው ደግሞ እድሳቱን መጠየቅ ነው። ካልታደሰ ባንኩ ዕዳውን ባንዴ ክፈል ሊል ይችላል፣ የኔ ገንዘብ ደግሞ ያኔ መደርደሪያ ላይ ያለ ነጠላ ነው።