ኮቱን ስትቀይሩ ፊቱም ከተቀየረ

በኤአይ ፎቶ ስታስተካክሉ ይሄ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ግራጫ ሹራብና ጂንስ ለብሷል እንበል። እናንተ እንዲህ ጻፋችሁ፦ «ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ቡናማ ሱሪ፣ ጥቁር የቆዳ ጫማና ቀይ ሻርፕ አልብሰው።» የመጣው ምስል ላይ ሻርፑ ቀይ ነው፤ ግን የኮቱ ኮሌታም ቀልቷል። ጫማው ቡናማ ሆኗል። ፊቱን አጉልታችሁ ስታዩት ደግሞ ወንድሙ እንጂ ራሱ አይመስልም።

ምክንያቱ

አምስት ልብስና አምስት ቀለም በአንድ ትእዛዝ ሲመጣ ኤአዩ የትኛው ቀለም የየትኛው ልብስ እንደሆነ ይምታታበታል። ሌላም አለ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ያላችሁትን ቦታ ብቻ ነክተው አያልፉም፤ ሙሉውን ምስል እንደገና ይሥሉታል። የሚቀየረው በበዛ ቁጥር ፊቱም አብሮ የመነካት ዕድሉ ይጨምራል።

መፍትሄው

ከውስጥ ወደ ውጭ አንድ በአንድ ሂዱ። መጀመሪያ ሸሚዙ፦ «ሹራቡን ብቻ አውጥተህ ነጭ ሸሚዝ አድርግለት። ፊቱ፣ ፀጉሩ፣ አቋሙና ከኋላው ያለው ሁሉ እንዳለ ይቆይ።» እሱ ከተስተካከለ፦ «ከሸሚዙ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ደርብለት። ሌላው እንዳለ ይቆይ።» ቅደም ተከተሉን አትናቁት። ኮቱን አስቀድማችሁ ሸሚዙን በኋላ ከቀየራችሁ፣ አዲሱ ሸሚዝ ኮቱን የሚነካበት ጠርዝ ሁሉ እንደገና ስለሚሣል የተስተካከለው ኮሌታ ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ ሱሪው፣ ቀጥሎ ጫማው፣ ሻርፑ መጨረሻ።

ልብሱን ሁሌም በስሙ ጥሩት። «አሁን ትንሽ አጥቁረው» ካላችሁ ኮቱን ይሁን ሱሪውን አያውቅም፤ አንዳንዴ ሙሉ ፎቶውን ያጨልመዋል።

ደረጃ በደረጃ ሄዳችሁም ፊቱ ከተለወጠ

ዙሩ ሲበዛ ቆዳው እንደ ፕላስቲክ መለስለስ ሊጀምር ይችላል። እያንዳንዱ ዙር የሚነሳው ካለፈው ውጤት ስለሆነ ትንንሽ ስህተቶች ይደራረባሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ፊቱን ወደ ድሮው መልሰው» ብሎ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ሌላ አዲስ ፊት ነው የሚሥለው። ይልቅ እያንዳንዱን ዙር ሴቭ አድርጉ። ከዋናው ፎቶ ጎን አስቀምጣችሁ ዓይንና አፉን አስተያዩ። የተበላሸውን ትታችሁ ከመጨረሻው ደህና ምስል ተነሱ፤ እሱን አዲስ ቻት ላይ ጭናችሁ የቀረውን ልብስ ብቻ ጠይቁ።

ጫማው ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ፎቶው ጉልበት ላይ የተቆረጠ ከሆነና ጫማ ከጠየቃችሁ፣ እግሩን ለማሳየት ሲል ሰውየውን አሳንሶ ሙሉውን ምስል ከአዲስ ሊሥለው ይችላል። ፎቶው ላይ የማይታይ ልብስ ከሆነ ዝለሉት።